የስድስት ቀን ማስታወሻ በአንድ ገጽ፦ ለቤተሰብ ሐኪም የሚጻፈው የሆስፒታል መውጫ ማጠቃለያ እንዴት ይዘጋጃል?

አል ራሺዲያ፦ ከሆስፒታል የወጣ ሕመምተኛ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሰፈሩ ክሊኒክ የቤተሰብ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ፣ በሁለቱ መካከል የሚቀመጠው የመጀመሪያው ሰነድ የመውጫ ማጠቃለያ ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛው በተኛባቸው ቀናት በክፍሉ አልነበረም። የትኛው መድኃኒት ለምን እንደቆመ፣ የትኛው ምርመራ ውጤቱ ገና እንዳልመጣ፣ ቀጥሎም ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱ በጊዜው መድረሱ ራሱ ብዙ ጊዜ አይሳካም። በ2007 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት «ጃማ» ላይ የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው፣ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐኪሙ ሲሄድ ማጠቃለያው በሐኪሙ እጅ የተገኘው ከመቶ ከ12 እስከ 34 በሚሆኑት ጉብኝቶች ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በጊዜው የደረሰ ማጠቃለያም ቢሆን፣ የየዕለቱ ማስታወሻዎች ተገልብጠው የተደረደሩበት ከሆነ ሐኪሙን ከመርዳት ይልቅ ሊያሳስተው ይችላል።

ማስታወሻዎቹ ለምን እርስ በርስ ይጋጫሉ?

በሆስፒታል የሚጻፍ የዕለት ክትትል ማስታወሻ የተጻፈበትን ሰዓት ዕውቀት ብቻ ይይዛል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በመጀመሪያው ሌሊት የጠረጠረውን ይጽፋል፤ በማግስቱ የሚረከበው ሐኪም የደም ምርመራውን ያክላል፤ ተረኛው በሌሊት የተጠራበትን ጉዳይ ብቻ ይመዘግባል፤ የኩላሊት ሐኪሙም በበኩሉ ስለ ኩላሊት ይጽፋል። እያንዳንዱ ማስታወሻ በተጻፈበት ሰዓት እውነት ነበር፤ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን አንዱ ሌላውን ይሽራል።

በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የትናንቱን ማስታወሻ ገልብጦ ለዛሬ መጠቀም ቀላል በመሆኑ፣ በሁለተኛው ቀን ውድቅ የሆነ ጥርጣሬ በአምስተኛው ቀን ማስታወሻ ውስጥ እንዳለ ሊቀመጥ ይችላል። ገልባጩ አዲሱን መስመር ያክላል፤ አሮጌውን ግን አይሰርዝም።

አሜሪካዊው ሐኪም ላውረንስ ዊድ በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ለዚህ ችግር ዋናው መፍትሔ ነው። የሕክምና መዝገብ በቀን ወይም በክፍል ሳይሆን በሕመምተኛው ችግሮች ይደራጅ፤ እያንዳንዱ ችግር የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ማስረጃና የራሱ ዕቅድ ይኑረው የሚል ነበር። ማጠቃለያ ጸሐፊው የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ በቀን የተደረደረውን ወስዶ በችግር መልሶ ይደረድረዋል።

አንድ ምሳሌ፦ የስድሳ አንድ ዓመቷ እናት

ቀጥሎ የቀረበው ለማብራሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም። ከአዲስ አበባ መጥተው በአል ራሺዲያ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የ61 ዓመት እናት አሉ። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም አለባቸው። በቤታቸው ሜትፎርሚን 1000 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ኤናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይወስዳሉ። ለሦስት ሳምንት ሲያስላቸው ቆይቶ፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ሲጨመርበት ልጃቸው ወደ ሆስፒታል ትወስዳቸዋለች። ስድስት ቀን ይተኛሉ።

ማስታወሻዎቹ ባጭሩ እንዲህ ይላሉ።

ቀን 1፦ «የሳንባ ምች፤ የልብ ድካምም ሊሆን ይችላል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በደም ሥር ተጀመረ። ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም በደም ሥር ተሰጠ። ክሬቲኒን 1.4።»

ቀን 2፦ «ክሬቲኒን 1.9። ሜትፎርሚንና ኤናላፕሪል ይቁሙ። ክብደት ስለቀነሱ የሳንባ ነቀርሳ ይጣራ፤ አክታ ተልኳል።»

ቀን 3፦ «የልብ አልትራሳውንድ ደህና ነው። ፉሮሴማይድ ይቁም፤ ፈሳሽ ይሰጥ። ሲቲ ስካን፣ የመጀመሪያ ንባብ፦ የሳንባ ምች።»

ቀን 4፦ «ጂን ኤክስፐርት፦ የነቀርሳ ተሕዋስ አልተገኘም። ክሬቲኒን 1.6።»

ቀን 5፦ «የልብ ድካም፤ የሳንባ ምች። ፉሮሴማይድ ይቀጥል። ትኩሳት የለም።»

ቀን 6፦ «ክሬቲኒን 1.3። ተሽሏቸዋል፤ ወደ ቤት ይሂዱ። በክሊኒክ ክትትል።»

ይህ ሁሉ እንዳለ ተገልብጦ ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ቢላክ፣ ሐኪሙ «የልብ ድካም» የሚል ምርመራ ያነባል፣ ፉሮሴማይድ ይቀጥላል፣ ሜትፎርሚንና ኤናላፕሪል ለዘለቄታው ቆመዋል ብሎ ያስባል። ሦስቱም ስህተት ናቸው። ሁለት ሌሎች ነገሮች ደግሞ በማስታወሻዎቹ ውስጥ ጭራሽ አይታዩም።

ንባቡ ከመጨረሻው ይጀምራል

ልምድ ያለው ጸሐፊ መዝገቡን ከቀን 1 ወደ ቀን 6 አያነብም። በመጀመሪያ የሚከፍተው የመጨረሻውን ቀን ነው፤ ሕመምተኛዋ በምን ሁኔታ ወጡ? ቀጥሎ ወደ መግቢያው ማስታወሻ ይሄዳል፤ ከመታመማቸው በፊት እንዴት ነበሩ? የእኚህ እናት ክሬቲኒን ከሦስት ወር በፊት በክሊኒካቸው 0.9 እንደነበር የሚገኘው እዚያ ነው። ይህ ቁጥር ከሌለ የመውጫው 1.3 ምንም አይናገርም፤ ቁጥሩ ሲኖር ግን ኩላሊታቸው ገና ወደ ቀድሞው እንዳልተመለሰ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የመካከለኛዎቹ ቀናት ማስታወሻዎች የሚነበቡት ሦስት ቃላትን ለመፈለግ ነው፦ «ተጀመረ»፣ «ቆመ»፣ «ተላከ»። የተጀመረ ሁሉ ማብቂያ ይፈልጋል። የቆመ ሁሉ ምክንያትና የመመለሻ ሁኔታ ይፈልጋል። የተላከ ሁሉ ውጤት ይፈልጋል። እነዚህ ሦስት ቃላት በተገኙበት ቦታ ሁሉ ጸሐፊው በአንድ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል።

ሦስተኛው ሥራ ማስታወሻውን ከምንጩ ጋር ማመሳከር ነው። ሐኪሙ «ፉሮሴማይድ ይቀጥል» ብሎ ቢጽፍም፣ ነርሶች የሰጡትን የሚመዘግቡበት የመድኃኒት ሰንጠረዥ ከቀን 3 በኋላ ፉሮሴማይድ እንዳልተሰጠ ያሳያል። ስለዚህ የቀን 5 መስመር ከቀን 1 የተገለበጠ መሆኑ ይታወቃል። ሲቲ ስካኑም እንዲሁ ነው። በቀን 3 ማስታወሻ የሰፈረው የመጀመሪያው ንባብ ነበር። የመጨረሻው ሪፖርት የተፈረመው በማግስቱ ሲሆን፣ በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል 7 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጠጣር እብጠት እንዳለ ይናገራል። ከዚያ በኋላ በተጻፉት ማስታወሻዎች ውስጥ ማንም አላነሳውም።

አራት ጉዳዮች፣ አራት ውሳኔዎች

አሁን የተለቀመው ነገር በችግር ይደረደራል። ለእያንዳንዱ ችግር አራት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ ምን ተጠረጠረ? ምን አረጋገጠው ወይም ውድቅ አደረገው? አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው? ቀጥሎ ማን፣ መቼ፣ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው የልብ ድካም ጥርጣሬ ነው። የልብ አልትራሳውንዱ ውድቅ ስላደረገው ከምርመራዎች ዝርዝር ይወጣል። ነገር ግን ዝም ብሎ መሰረዝ አይበቃም። በአቡ ዳቢ መላፊ፣ በዱባይ ናቢድ፣ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ ሪዓያቲ የተባሉ የጤና መረጃ መለዋወጫ ሥርዓቶች አሉ። በእነዚህ በኩል የቀን 1 ማስታወሻ ለሌላ ሐኪም ከታየ «የልብ ድካም» የሚለው ቃል አብሮ ይታያል። ሥርዓቱ ሰነዶችን ያደርሳል፤ በሰነዶቹ መካከል ያለውን ግጭት ግን አይፈታም። ስለዚህ ማጠቃለያው «የልብ ድካም ተጠርጥሮ ነበር፤ በቀን 3 በተደረገ የልብ አልትራሳውንድ ውድቅ ሆኗል» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ያንኑ መድኃኒት እንደገና ሊሰጣቸው ይችላል።

ሁለተኛው የኩላሊት ጉዳት ነው። ክሬቲኒኑ 1.4፣ 1.9፣ 1.6፣ 1.3 እያለ የሄደበት መንገድ ታሪኩን ይናገራል። ትኩሳቱ ሰውነታቸውን አድርቆት ነበር፤ ፈሳሽ የሚያስወጣው ፉሮሴማይድ ጨመረበት፤ መድኃኒቱ ቆሞ ፈሳሽ ሲሰጥ መመለስ ጀመረ። ሜትፎርሚንና ኤናላፕሪል የቆሙት በዚህ ምክንያት ለጊዜው ነው። ሜትፎርሚን የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ሲወርድ አይሰጥም፤ የእኚህ እናት በቀን 2 በዚያ ወሰን ላይ ነበር። በመውጫቸው ቀን 47 ገደማ ደርሷል። «ቆሟል» የሚለው ቃል ብቻውን ለቤተሰብ ሐኪሙ የሚሰጠው ትእዛዝ የለም። «ለጊዜው ቆሟል፤ በ7ኛው ቀን ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይለካ፤ ክሬቲኒን 1.1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይጀመር» ሲባል ግን ሐኪሙ የሚሠራው ነገር በእጁ አለ። ይህን ወሰን የሚያስቀምጠው ጸሐፊው ሳይሆን ኃላፊው ሐኪም ነው፤ የጸሐፊው ድርሻ ጠይቆ መጻፍ ነው።

ሦስተኛው የአክታ ምርመራ ነው። ጂን ኤክስፐርት በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤት የሚሰጥ ምርመራ ሲሆን፣ አለመገኘቱ መልካም ዜና ነው። ከዚያው አክታ ተሕዋሱ እንዲያድግ የሚደረግበት የካልቸር ምርመራ ግን በፈሳሽ ማሳደጊያ እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ሕመምተኛዋ በወጡበት ቀን ገና አንድ ሳምንት አልሞላውም። «አክታ፦ ነቀርሳ የለም» ብሎ መጻፍ ያልተዘጋ ጉዳይን እንደተዘጋ ማቅረብ ይሆናል። በ2005 ይፋ በሆነ በቦስተን ሁለት ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ ከወጡት ሕመምተኞች መካከል ከመቶ 41ዱ ገና ያልደረሰ የምርመራ ውጤት ነበራቸው፤ ከውጤቶቹ አንዳንዶቹም የሕክምናውን አቅጣጫ ሊለውጡ የሚችሉ ነበሩ። ስለዚህ በማጠቃለያው የምርመራው ስም፣ የተወሰደበት ቀን፣ የሚጠበቅበት ጊዜና ውጤቱን ተከታትሎ የሚያሳውቀው ክፍል መጻፍ አለባቸው።

አራተኛው ሰባት ሚሊ ሜትሩ እብጠት ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ጉዳት የላቸውም፤ ሆኖም መከታተል ያስፈልጋል። የፍላይሽነር ማኅበር በ2017 ያወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ለሆነ አንድ ጠጣር እብጠት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሲቲ ስካን እንዲደገም ይመክራል። ከስድስት ወር በኋላ ሆስፒታሉ ይህን ሕመምተኛ አያስታውስም። የሚያስታውሰው የቤተሰብ ሐኪሙ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተነገረው ብቻ።

የመድኃኒት ዝርዝር፦ ሦስት ሳይሆን አንድ

ሕመምተኛዋ ሦስት የመድኃኒት ዝርዝር አላቸው፦ ከመግባታቸው በፊት በቤት የወሰዱት፣ በሆስፒታል የተሰጣቸውና ሲወጡ የታዘዘላቸው። ማጠቃለያው ሦስቱን አጣምሮ እያንዳንዱን መድኃኒት በአራት ክፍል ያስቀምጣል፦ የቀጠለ፣ የተለወጠ፣ አዲስ የተጀመረ፣ የቆመ። በዚህ ምሳሌ አምሎዲፒን ቀጥሏል። ሊናግሊፕቲን 5 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን እስኪመለስ ድረስ ለስኳሩ አዲስ ተጀምሯል። የሳንባ ምቹ የአፍ መድኃኒት ለሁለት ቀን ቀርቶታል። ሜትፎርሚንና ኤናላፕሪል ለጊዜው ቆመዋል። ፉሮሴማይድ ቆሟል፤ አይመለስም።

የቤቱ ዝርዝር ከወረቀት ብቻ መወሰድ የለበትም። ከአዲስ አበባ የመጡ መድኃኒቶች በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ አይታዩም፤ የንግድ ስማቸውም የተለየ ሊሆን ይችላል። ልጃቸው የመድኃኒቱን ከረጢት ይዛ እንድትመጣ መጠየቅ፣ ወይም የእሽጎቹን ፎቶ እንድትልክ ማድረግ ከግምት ያድናል። ይህ ካልተደረገ እናት በቤት ያለውን ኤናላፕሪል በሌላ ስም እየዋጡ ሊቀጥሉ ይችላሉ።

ጾምም የመድኃኒቱ ጉዳይ አካል ነው። ኩላሊት በማገገም ላይ ሳለ ቀኑን ሙሉ ውኃ አለመጠጣት ጉዳቱን ሊያድሰው ይችላል። የሰኞና የሐሙስ ጾም የሚጾሙ ወይም ረመዳን የቀረበባቸው ሕመምተኞች እስከ ቀጣዩ የደም ምርመራ ድረስ ምን እንዲያደርጉ እንደተመከሩ በማጠቃለያው ቢሰፍር፣ የቤተሰብ ሐኪሙ ጉዳዩን ከዚያው ያነሳዋል።

በገጹ አናት ላይ ምን ይቀመጣል?

ብዙ ማጠቃለያዎች በሕመሙ ታሪክ ይጀምሩና የሚደረገውን ነገር በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ይተዉታል። ለቤተሰብ ሐኪም የሚጻፈው በተቃራኒው ነው። የምሳሌው ገጽ አናት እንዲህ ይላል፦

ለቤተሰብ ሐኪሙ፣ የሚደረጉ ነገሮች

1. ከወጡ በ7ኛው ቀን ክሬቲኒን፣ ፖታሲየምና የደም ግፊት ይለካ። ክሬቲኒን 1.1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይጀመር። የኤናላፕሪል መመለስ በዚያው ዕለት በግፊቱና በፖታሲየሙ ይወሰን።
2. የአክታ ካልቸር ውጤት አልደረሰም። የተወሰደው በቀን 2 ነው፤ እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። ሆስፒታሉ ተከታትሎ ያሳውቃል፤ በሰባተኛው ሳምንት ካልደረሰ ክሊኒኩ ይጠይቅ።
3. በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል 7 ሚሊ ሜትር እብጠት። ሲቲ ስካን ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ይደገም። ለሕመምተኛዋና ለልጃቸው ተነግሯል።
4. የልብ ድካም የለም። ፉሮሴማይድ አይቀጠል።

ከዚህ በታች ምርመራዎቹ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩ፣ በመውጫ ቀን የነበሩበት ሁኔታና አጭር የሕክምና ሂደት ይከተላሉ። ሆስፒታሎችን በጥራት የሚመዝነው የአሜሪካው ጆይንት ኮሚሽን የመግቢያ ምክንያት፣ ዋና ዋና ግኝቶች፣ የተደረገ ሕክምና፣ የመውጫ ሁኔታ፣ ለሕመምተኛና ለቤተሰብ የተሰጠ መመሪያ፣ የኃላፊው ሐኪም ፊርማ እንዲኖሩ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ይገባሉ።

አድራሻውም ጥንቃቄ ይሻል። አል ራሺዲያ የሚባል ሰፈር በዱባይም በአጅማንም አለ፤ «ለቤተሰብ ሐኪም፣ አል ራሺዲያ» የሚል አድራሻ የክሊኒኩ ስምና ኤምሬቱ ካልተጨመረበት የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የኢትዮጵያውያን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከሰነድ ሰነድ ስለሚለያይ፣ ማንነትን የሚያረጋግጠው የኤምሬትስ መታወቂያ ቁጥር ነው። ወርም በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፍ፤ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ደግሞ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይነገር።

ስህተቱ በምን ይታወቃል?

ከመፈረሙ በፊት ማጠቃለያውን በሁለት ጥያቄ መፈተን ይቻላል። እያንዳንዱ መድኃኒት ከምርመራዎቹ ዝርዝር ውስጥ ምክንያት አለው? ፉሮሴማይድ በዝርዝሩ ቢቀር ኖሮ ምክንያቱ ሲፈለግ አይገኝም ነበር። እያንዳንዱ ምርመራስ ማስረጃ አለው? «የልብ ድካም» ቢቀር ኖሮ ከልብ አልትራሳውንዱ ጋር ይጋጭ ነበር።

ይህ ሥራ ወሰን አለው። መድኃኒት የቆመበት ምክንያት በየትኛውም ማስታወሻ ካልተጻፈ፣ ጸሐፊው መገመት የለበትም። ያቆመውን ሐኪም ይጠይቃል፤ ካላገኘው «ምክንያቱ አልተመዘገበም» ብሎ ይጽፋል። የተገመተ ምክንያት በማጠቃለያ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያነበው ሁሉ እንደተረጋገጠ ይቆጥረዋል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2013 በመሆኑ፣ አንድ ሐኪም መላውን ታሪክ ይዞ የሚከታተልበት አሠራር ለብዙ ኢትዮጵያውያን አዲስ ነው። ልጃቸው እናቷን ይዛ ከመውጣቷ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ትችላለች፦ የቆመው መድኃኒት መቼ ይመለሳል? ገና ያልደረሰ ውጤት አለ? ማጠቃለያው ለየትኛው ክሊኒክ ተላከ? አንዱን ቅጂም በእጇ ትይዛለች። እናት ወደ አዲስ አበባ ቢመለሱ፣ በስድስተኛው ወር ሲቲ ስካን መደገም እንዳለበት ለዚያው ሐኪም የሚነግረው በሻንጣቸው የሚሄደው ወረቀት ነው።